«ሽያጬን አጠቃልልልኝ» ሲባል፦ መጠየቅ፣ ገምቶ መሥራት ወይስ ቅጽ አዘጋጅቶ መላክ?

«ሽያጬን በኤክሴል አጠቃልልልኝ» የሚል መልእክት ብቻውን ሲመጣ ሦስት ነገር አይታወቅም፦ ሰንጠረዡ ምን ምን ዓምድ እንዳለው፣ ከመቼ እስከ መቼ ያለው ሽያጭ እንደሚፈለግ፣ ባለቤቱ በመጨረሻ በእጃቸው ሊይዙት የሚፈልጉት ወረቀት ምን ዓይነት እንደሆነ። በሰሜን ሸዋ ለነጋዴዎች እንዲህ ያለ ሥራ የምንሠራ ሰዎች የምንሰጠው መልስም ሦስት ዓይነት ነው። አንዳንዱ አሥር ጥያቄ ይደረድራል። አንዳንዱ ፋይሉን ተቀብሎ በገባው መንገድ ይሠራና ይልካል። ሌላው ደግሞ ቀኑና የዕቃው ዓይነት የሚቀያየርበት ባዶ ቅጽ አዘጋጅቶ «የራስዎን ይሙሉበት» ይላል።

እኔ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጡ አልልም፤ ያልታወቁት ሦስት ነገሮች መፍትሔያቸው የተለያየ ነውና። ዓምዱ በዓይን የሚታይ እንጂ የሚጠየቅ አይደለም። ጊዜው እንዲቀያየር ተደርጎ ይሠራል። የመጨረሻው ውጤት ግን የግድ ይጠየቃል። ይህ እንዴት እንደሆነ በአንድ ጉዳይ ላሳይ፤ ቁጥሮቹን ለማሳያ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጉዳዩ የሸዋ ሮቢት የእህል ነጋዴ የሆኑ ሴት ነው። የቀወትን ማሾ ከገበሬ ይገዛሉ፣ ጤፍ ከምንጃር በኩል ያስመጣሉ፣ ምስርም አላቸው። በኩንታልም በኪሎም ይሸጣሉ። መዝገቡን ልጃቸው ኤክሴል ላይ ይጽፋል። እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ፤ በመካከላችን የጣርማ በር መንገድ ስላለ ጎናቸው ተቀምጬ መዝገቡን አብሬ ላይ አልችልም። ያለን ስልክ ብቻ ነው።

ዓምዶቹን መጠየቅ ወይስ ማየት

«እትዬ፣ መዝገቡ ላይ ምን ምን ተጽፏል?» ብዬ ብጠይቅ መልሳቸው «ቀን፣ ዓይነት፣ ብዛት፣ ዋጋ፣ ጠቅላላ» ይሆናል። መልሱ እውነት ነው፤ ግን አይጠቅመኝም። «ዋጋ» የአንዱ ኪሎ ነው ወይስ የአንዱ ኩንታል? «ብዛት» በምን ይለካል? የዓምዱ ስም ይህን አይነግረኝም፤ ባለቤቷም ለሃያ ዓመት ሲያደርጉት የኖሩትን ነገር አብራርተው መናገር አይጠበቅባቸውም።

ስለዚህ ከመጠየቅ ይልቅ የርዕስ ረድፉንና ከመዝገቡ መካከል አምስት ስድስት ረድፍ በስልክ ፎቶ አንስተው እንዲልኩ ማድረግ ይሻላል። ከመካከል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የማንኛውም መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ንጹሕ ነው፤ ጸሐፊው ገና አልደከመም። ችግሩ የሚታየው ገበያ በደራበት ቀን በጥድፊያ በተጻፈው ላይ ነው። ፎቶው ይህን ይመስላል እንበል፦

| ቀን | ዓይነት | ብዛት | ዋጋ | ጠቅላላ | ማስታወሻ |
|---|---|---|---|---|---|
| 28/02/2018 | ጤፍ | 2 | 14,000 | 28,000 | |
| 29/02/2018 | ጤፍ | 50 | 145 | 7,250 | |
| 29/02/2018 | ምሥር | 1 | 13,000 | 13,000 | ዱቤ |
| 30/02/2018 | ማሾ | 3 | 9,000 | 27,000 | |
| 30/02/2018 | ጤፍ | 25 | 145 | 3,625 | ዱቤ |
| 01/03/2018 | ምስር | 20 | 140 | 2,800 | |

ይህ ፎቶ የአሥር ጥያቄ መልስ ይዟል። ብዛቱን በዋጋው ሳባዛ ጠቅላላውን ስለሚሰጠኝ «ዋጋ» የአንዱ መለኪያ ዋጋ መሆኑን አወቅሁ። መለኪያው ራሱ የትም አልተጻፈም፤ ሆኖም ጤፍ አንዴ በ14,000፣ አንዴ በ145 ብር መሸጡ የመጀመሪያው በኩንታል፣ ሁለተኛው በኪሎ መሆኑን ይናገራል። ኩንታል 100 ኪሎ ስለሆነ ሁለቱ ዋጋዎች ይቀራረባሉ፤ በችርቻሮ ትንሽ ይወደዳል፤ ይህም የሚጠበቅ ነው።

እዚህ ላይ ገምቶ የሚሠራው ሰው ከነጋዴዋ ፋይል ላይ በቀጥታ «ብዛት» የሚለውን ዓምድ ቢደምር ለጤፍ 77 ያገኛል። 77 ምን? ኩንታልም ኪሎም አይደለም። ትክክለኛው 200 ኪሎ፣ 50 ኪሎና 25 ኪሎ ተደምሮ 275 ኪሎ ነው። የሚያስፈራው ደግሞ 77 ሲታይ የሚያጠራጥር ቁጥር አለመሆኑ ነው፤ ነጋዴዋ ሊያምኑት ይችላሉ።

ግምት የሚፈቀደው እንዲህ በፎቶው ላይ ማረጋገጫ ሲኖረው ነው። ከ1,000 ብር በላይ የሆነ ዋጋ ሁሉ የኩንታል ነው ብዬ በአንድ ተጨማሪ ዓምድ ሁሉንም ወደ ኪሎ እለውጣለሁ፦

```
=IF(D2>1000,C2*100,C2)
```

ይህን ደንብ ከሰንጠረዡ በላይ በግልጽ ቃል እጽፈዋለሁ፦ «ዋጋው ከ1,000 ብር የሚበልጥ ሽያጭ በኩንታል እንደሆነ ተወስዷል።» በግማሽ ኩንታል ከረጢት የተሸጠ ነገር ካለ ደንቡ ይሳሳታል፤ ባለቤቷ ግን ያንን ዓረፍተ ነገር ሲያነቡ ወዲያው ይነግሩኛል። ግምቱ ቀመሩ ውስጥ ተደብቆ ቢሆን ግን ማንም አያየውም።

ጊዜው፦ ከጥያቄ የሚቀያየር ሳጥን ይሻላል

«ከመቼ እስከ መቼ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። መልሱ «የዓመቱን» ከሆነ ግን ገና መጀመራችን ነው። ዓመቱ ከመስከረም 1 ይጀምራል? የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ለግብር የሚፈለግ ከሆነ ይህኛው ሊሆን ይችላል። ለእህል ነጋዴ ደግሞ ዓመት ማለት ብዙ ጊዜ ከአዲስ ምርት እስከ አዲስ ምርት ነው። ሦስቱም ዓመት ናቸው፤ ሦስቱም የተለያየ ድምር ይሰጣሉ። በዚያ ላይ ሰው ዛሬ ጥቅምትን ጠይቆ ነገ «እስቲ ከመስከረም ጀምሮ» ማለቱ አይቀርም።

ስለዚህ እዚህ የሚያሸንፈው ሦስተኛው መንገድ ነው፤ መነሻና መድረሻ ቀን የሚጻፍባቸው ሁለት ሴሎች ያሉት ቅጽ። ባለቤቷ ቀኑን ሲቀይሩ ድምሩ ይቀየራል፤ እኔም አምስት ጊዜ ስልክ አላነሣም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ እሱም ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ነው። ኤክሴል የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም። 28/02/2018 ብሎ የተጻፈለትን ጥቅምት 28 ቀን 2018 ሳይሆን ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2018 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አድርጎ ይይዘዋል። ይህ ብቻውን ሲታይ ጉዳት የለው ይመስላል፤ ቁጥሩ እኮ ያው ነው። እስቲ ቀጣዩን ረድፍ እንይ።

29/02/2018 ሲጻፍ ኤክሴል ፌብሩዋሪ በዚያ ዓመት 28 ቀን ብቻ እንዳለው ያውቃል። ስለዚህ ይህ ቀን አይደለም ብሎ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። 30/02 ደግሞ በየትኛውም ዓመት የለም። ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ ስሕተት ብሎም አይጮኽም። ከዚያ በኋላ «የጥቅምትን ደምር» ተብሎ በቀን የሚሠራ ቀመር ቢሰጠው እነዚህን ረድፎች ዝም ብሎ ይዘልላቸዋል።

በእኛ ሰንጠረዥ የጥቅምት ሽያጭ 78,875 ብር ነው። በቀን ዓምዱ ላይ ተመርኩዞ የሚሠራው ቀመር ግን 28,000 ብር ብቻ ይሰጣል። የ29 እና የ30 አራት ረድፎች፣ 50,875 ብር፣ ከድምሩ ወጥተዋል። ጳጉሜም ዕጣዋ ይኸው ነው፤ 13ኛ ወር ኤክሴል ዘንድ የለም። ይህን የማያውቅ ሰው የጥቅምት ሽያጭ ለምን በየዓመቱ እንደሚያንስ ሌላ ምክንያት ሲፈልግ ሊከርም ይችላል።

እንዴት ይታወቃል? በዓይን ከሆነ፣ ማንም ያልነካካው ዓምድ ላይ ቀን ሆነው የተያዙት ወደ ሴሉ ቀኝ፣ ጽሑፍ ሆነው የቀሩት ወደ ግራ ተጠግተው ይታያሉ። በቀመር ከሆነ ይህ ስንት ረድፍ ቀን ሳይሆን እንደቀረ ይቆጥራል፦

```
=COUNTA(A2:A7)-COUNT(A2:A7)
```

በእኛ ሰንጠረዥ መልሱ 4 ነው። ዜሮ ካልሆነ በዚያ ዓምድ ላይ ምንም ድምር አይሠራበትም። ደግሞም ከ13 እስከ 28 ያሉት ቀኖች ጭምር ግራ ከቀሩ ችግሩ ሌላ ነው፤ ኮምፒውተሩ ወርን ከቀን አስቀድሞ እንዲያነብ ተደርጎ የተስተካከለ ነው ማለት ነው። ያኔ ኅዳር 5 ተብሎ የተጻፈው ሜይ 3 ሆኖ ተይዟል፤ ከታች ያሉት ቀመሮችም ቀንና ወርን አቀያይረው ያወጣሉ።

የቀን መለወጫ ማሽን ከመፈለግ ይልቅ ቀኑን ከኤክሴል እጅ ማውጣት ይቀልላል። ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት ዓምድ ይለያያሉ፤ ጽሑፍ የሆኑትም ቀን የሆኑትም በአንድ ቀመር ይገባሉ። የቀኑ ይህ ነው፦

```
=IF(ISNUMBER(A2),DAY(A2),VALUE(LEFT(A2,2)))
```

ለወሩ `MONTH(A2)` እና `MID(A2,4,2)`፣ ለዓመቱ `YEAR(A2)` እና `RIGHT(A2,4)` በቦታቸው ይተካሉ። ቀኑ በጂ፣ ወሩ በኤች፣ ዓመቱ በአይ ዓምድ ከተቀመጡ በኋላ ሦስቱን በጄ ዓምድ አንድ ቁጥር አደርጋቸዋለሁ፦

```
=I2*10000+H2*100+G2
```

ጥቅምት 30 ቀን 2018 እንግዲህ 20180230 ሆነ። ይህ ተራ ቁጥር ነው፤ የሚቀድመው ቀን ሁልጊዜ ያንሳል፣ የሚከተለው ይበልጣል፤ ጳጉሜም 201813 ብላ በሰላም ትገባለች። መነሻው M1 ላይ፣ መድረሻው M2 ላይ ሲጻፍ ድምሩ ይህ ነው፦

```
=SUMIFS(E:E,J:J,">="&M1,J:J,"<="&M2)
```

20180201 እና 20180230 ቢጻፍ 78,875 ይወጣል። የ2018 በጀት ዓመት ከተፈለገ 20171101 እና 20181030 ይጻፋል። መስከረምን ወይም የምርት ዘመኑን መምረጥ የባለቤቷ ፋንታ ነው።

አንድ ገደብ አለው። በዚህ ቁጥር ሁለት ቀኖችን ቀናንሶ በመካከላቸው ስንት ቀን እንዳለ ማወቅ አይቻልም፤ የሳምንቱን ቀንም አይነግርም። «የገበያ ቀን ሽያጬ ከሌላው ቀን ይበልጣል?» የሚል ጥያቄ ካለ ቀኑ በትክክል ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለወጥ አለበት። ጥቅምት 28 ቀን 2018 ኖቬምበር 7 ቀን 2025፣ ዓርብ ነው። ኤክሴል ግን ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2018 አድርጎ ስለያዘው ረቡዕ ነው ይላል። ከባንክ መግለጫ ጋር ማመሳከር ሲያስፈልግም እንዲሁ ነው፤ መግለጫው ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚታተም የ2018 ጥቅምት እዚያ ላይ ከኦክቶበር 11 እስከ ኖቬምበር 9 ይዘልቃል።

ውጤቱ፦ እዚህ ላይ መጠየቅ የግድ ነው

ሽያጩን በዓይነት፣ በወር፣ በቀን፣ በደንበኛ፣ በጥሬና በዱቤ ማጠቃለል ይቻላል። ገምቶ የሚሠራው ሰው ሁሉንም ሠርቶ አምስት ገጽ ይልካል። ያ ግን ነጋዴዋን ከስድስት መቶ ረድፍ ወደ አምስት ገጽ ማዛወር ነው። ባዶ ቅጽም እዚህ አይረዳም፤ ምን እንደሚፈልግ ያላወቀ ሰው ቅጹን ሊሞላ አይችልም።

ጥያቄው ግን «ምን ዓይነት ማጠቃለያ ይፈልጋሉ?» መሆን የለበትም። ለዚህ የሚመጣው መልስ «ጥሩውን» ነው። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ «እትዬ፣ ወረቀቱን የሚያዩት እርስዎ ነዎት ወይስ ለሌላ ሰው ይሰጣሉ?»

«ራሴ ነኝ፤ ለሚመጣው የትኛውን እንደምጨምር ልወቅ ብዬ ነው» ካሉ መልሱ በዓይነት የተለየ፣ በኪሎም በብርም የተቀመጠ ሦስት መስመር ነው። ጤፍ በጥቅምት 275 ኪሎ፣ 38,875 ብር። የወር ንጽጽር፣ ሥዕላዊ መግለጫ፣ መቶኛ ምንም አያስፈልግም።

«ለባንክ ነው፣ ብድር ጠይቄ» ካሉ ዓይነቱ ብዙም ቦታ የለውም፤ የሚፈለገው በየወሩ ስንት እንደገባ ነው። እዚህ ላይ ሽያጭና የገባ ገንዘብ ይለያያሉ። በጥቅምት የተሸጠው 78,875 ብር ቢሆንም 16,625 ብሩ በዱቤ ነው፤ ስለዚህ በዕለቱ እጅ የገባው 62,250 ብር ነው። ሁለቱ ለየብቻቸው መጻፍ አለባቸው።

«ከወንድሜ ጋር ልንካፈል ነው» የሚል መልስ ሲመጣ ደግሞ ሥራውን ከመጀመሬ በፊት አቆማለሁ። በመዝገቡ ላይ መሸጫ ዋጋ እንጂ መግዣ የለም። ሽያጭ ተደምሮ ተደምሮ ትርፍ አይሆንም። ዱቤውም ቢሆን ከተከፈለ በኋላ ምልክት አልተደረገበትም፤ ስለዚህ 16,625ቱ ዛሬም ያልተከፈለ ይሁን አይሁን ፋይሉ አይነግረኝም። ይህን አስቀድሞ መናገር የሚሠራውን ሰው ድካም ከማዳኑም በላይ ወንድምና እህት በተሳሳተ ቁጥር እንዳይካሰሱ ያደርጋል።

(ተጨማሪ እሴት ታክስ በሚሰበስብ ሱቅ አንድ ጥያቄ ይጨመራል፦ የተጻፈው ዋጋ 15 በመቶውን ያካተተ ነው ወይ? ካካተተ ከ11,500 ብር ውስጥ የሱቁ ሽያጭ 10,000 ብር ነው፤ የሚካፈለው ለ1.15 ነው። ከ11,500 ላይ 15 በመቶ ቀንሶ 9,775 የሚያወጣ ሰው አሁንም አይጠፋም።)

ፒቮት ቴብል ወይስ ቀመር

ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የመሣሪያ ምርጫ ይቀራል። ሰዎች በዚህ ላይ እንደ እግር ኳስ ቡድን ወገን ለይተው ይከራከራሉ፤ እኔ ሁለቱንም እጠቀማለሁ፣ በተለያየ ሰዓት።

ያልታወቀ ፋይል ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምከፍተው ፒቮት ቴብል ነው። ምክንያቱም ፋይሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሳልጠይቀው ይዘረግፍልኛል። ወደ ሰንጠረዡ መለስ ብለው ቢያዩ አንዱ ረድፍ «ምሥር»፣ ሌላው «ምስር» ይላል። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኤክሴል ግን ሁለት ዕቃ ናቸው። ፒቮት ላይ ሁለቱም በየራሳቸው መስመር ስለሚወጡ ወዲያው ይታያሉ። ቀመር ላይ ግን በዓይነት ዝርዝሩ ውስጥ «ምስር» ብዬ ብቻ ከጻፍኩ የጥቅምት ምስር ዜሮ ይሆናል፤ 13,000 ብሩ ያለ ድምፅ ይጠፋል። ከቃሉ ኋላ የቀረ አንድ ባዶ ቦታም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። ባለ ሠ እና ባለ ሰ፣ ባለ ዐ እና ባለ አ ፊደል በሚቀላቀልበት የአማርኛ መዝገብ ይህን ሳያጠሩ ቀመር መጻፍ አይገባም።

ፒቮት ሌላም ይናገራል። የብር ዓምዱን ስታስገባው ከድምር ይልቅ ቆጠራ ከሰጠህ በዓምዱ ውስጥ «3,625 ብር» ተብሎ ከቃል ጋር የተጻፈ ወይም ባዶ የቀረ ሴል አለ ማለት ነው። ቁጥር ካጠራጠረህ ሁለት ጊዜ ጫን ስትለው ያን ድምር የሠሩትን ረድፎች በአዲስ ገጽ ያወጣልሃል። ቀመር ይህን አያደርግም።

ለነጋዴዋ የሚላከው ግን ቀመሩ ነው። ፒቮት በአብዛኛው የኤክሴል ስሪት አዲስ ረድፍ ሲጨመር ራሱን አያድስም፤ `Refresh` መባል አለበት። ልጁ ነገ ሽያጭ ጽፎ ማጠቃለያውን ሲከፍት የትናንቱን ያያል፤ ትናንት መሆኑን የሚነግረውም የለም። ወርና ዓመትን በመጎተት ማሳየትም ለለመደ ሰው እንጂ ስልክ እየመለሰ እህል ለሚመዝን ሰው አይመችም። ሁለት ቀን የሚጻፍበት ሴልና ከሥሩ ሦስት መስመር ማንንም አያደናግርም። የዓይነቱ ስም L5 ላይ ካለ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=SUMIFS($E:$E,$B:$B,L5,$J:$J,">="&$M$1,$J:$J,"<="&$M$2)
```

ወደ ታች ሲገለበጥ ለእያንዳንዱ ዓይነት ይሠራል። ከሥሩ አንድ የማረጋገጫ መስመር አልረሳም፤ የዓይነቶቹ ድምር ከጠቅላላው የጊዜው ድምር ሲቀነስ። በእኛ ጉዳይ ፊደሉ ሳይስተካከል 13,000 ያሳያል፤ ከተስተካከለ በኋላ ዜሮ። ዜሮ ያልሆነ ቀን አዲስ ዓይነት ተጨምሯል፣ ወይም አንድ ስም በሌላ ፊደል ተጽፏል። ለልጁ የምነግረው ይህን አንድ ሴል እንዲያይ ብቻ ነው።

የትኛው መቼ

ፋይሉ ትንሽ ከሆነ፣ አንድ ስክሪን ላይ የሚያልቅ ከሆነ፣ ስለ ዓምድም ስለ ጊዜም ብዙ አትጨነቁ። በዓይን እየተቆጣጠራችሁ ደምሩ፣ ግምታችሁን በአንድ መስመር ጽፋችሁ ላኩ። ከተሳሳተ በአሥር ደቂቃ ይስተካከላል።

ውጤቱ ከቤት የሚወጣ ከሆነ፣ ለባንክም ለግብርም ለባልንጀራም፣ መጠየቅ ይቀድማል። በዚህ ጊዜ ገምቶ መላክ ፍጥነት ይመስላል እንጂ የሚፈርመው ሰው ሌላ ነው።

ማጠቃለያው በየወሩ የሚፈለግ ከሆነ ደግሞ ቅጹ ያዋጣል፤ ያውም ከዛሬው ፋይል ይልቅ ከነገው መዝገብ ቢጀመር። ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት ዓምድ፣ መለኪያ በራሱ ዓምድ፣ ዓይነቱ እንዳይለያይ ከዝርዝር የሚመረጥ፤ ይህ በ`Data Validation` ይሠራል። መግዣ ዋጋና ዱቤው የተከፈለበት ቀን ቢጨመሩ ዛሬ «አይቻልም» ያልኩት ሁለት ነገር ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይቻላል።

ምንም ሳይታወቅ፣ ሰውዬውም ስልክ ሳያነሡ መሥራት ግድ ከሆነብኝ የምመርጠው አንድ ነው፦ ሽያጭ በዓይነትና በወር፣ በብር ብቻ። ብዛትን አልነካም፣ ትርፍ የሚል ቃል አልጽፍም። ከላዩ ላይ ሦስት መስመር አኖራለሁ፤ የተጠቀምኩበት የብር ዓምድ የትኛው እንደሆነ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደተወሰደ፣ ቀናቸው ስላልተነበበ የተተዉ ረድፎች ስንት እንደሆኑና የሚያወጡት ብር። ያ ሦስተኛው መስመር ሲደርሳቸው ደውለው የማያውቁ ሰዎች ሁሉ ይደውላሉ።